ማን ቀድሞ ይግባ? ቤት ሲሠራ ሙያተኞች እንዳይጋጩ

(የራሳቸውን ቤት ሊጀምሩ ለተሰባሰቡ ጎረቤቶች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ብሎኬቱ ላይ ቁጭ በሉ፣ ምንም አይሆንም።

እኔ ፎርማን ነኝ። ሥራውን በቀን ሠራተኝነት ጀመርኩ፣ ከዚያ ፌሮ የሚያስር ፌራዮ ሆንኩ፣ ቆይቼ ሰው ማሠራት ጀመርኩ። ኢንጅነር አይደለሁም። ፌሮው ስንት ይሁን፣ ፉቲንጉ ምን ያህል ይውረድ የሚለውን ለኢንጅነራችሁ ተዉለት። እኔ የማወራው ስለ ተራ ነው። ማን መቼ ይገባል? ማን ሳይወጣ ማን አይገባም?

ሳይት ላይ የምጠላው አንድ ድምፅ አለ። ከልስን በኋላ የሚሰማ የመሮ ድምፅ። ቀጭ ቀጭ ሲል ከሰማሁ አንድ ሰው ተራውን ስቷል ማለት ነው። አንዳንዴ ኤሌክትሪሻኑ ማብሪያ ረስቶ ነው። አንዳንዴ የቧንቧ ሠራተኛው የሙቅ ውሃ መስመር ዘንግቶ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማንም አልረሳም። ማንም አልጠራቸውም። ለሳኙ ቀድሞ ስለተገኘ ለሳኙ ገባ፣ በቃ።

ብዙ አሠሪ በየሳምንቱ «ቀጥሎ ምን ይሠራ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፣ ግን ቦታውን ስቷል። የሚሻለው «አሁን ምን ሊሸፈን ነው?» የሚለው ነው። አንድ ቤት ውስጥ የማይመለሱ መሸፈኛዎች አሉ። ግራውንድ ስላብ አፈሩን ይሸፍናል። የስላብ አርማታ ፌሮውንና የመብራት ሽቦ የሚያልፍበትን ቱቦ፣ ኮንዲዩቱን፣ ይሸፍናል። ልስን ግድግዳውን ይሸፍናል። ሴራሚክና ኮርኒስ የቀረውን ይሸፍናሉ። ከእያንዳንዱ በፊት ቆም ብላችሁ ከሥሩ መግባት ያለበት ሰው ሁሉ ገብቶ መውጣቱን ካረጋገጣችሁ፣ ግማሹ ግጭት አይፈጠርም።

ከመሬት እንጀምር። እዚህ ቶሎ ቶሎ አልፋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ መሠረት ላይ ጠንቃቃ ናችሁ። የሚያሳስበኝ ወቅቱ ነው። ቁፋሮ በክረምት አትጀምሩ። በተለይ ጥቁር አፈር ላይ ያላችሁ፣ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጉድጓዱም ይደረመሳል። መስከረም አልፎ መሬቱ ሲጠና ይቆፈር፣ ከሰኔ በፊት ጣሪያ ይግባ። ይህ ከተሳካ የክረምቱን ጊዜ ቤት ውስጥ ቧንቧና ኮንዲዩት ስትቀብሩ ታሳልፉታላችሁ።

ፉቲንግ ተሞላ፣ ኮለን ወጣ፣ የድንጋይ ግንቡ አለቀ፣ ኮለኖቹን ከታች የሚያያይዘው ግሬድ ቢም ሊታሰር ነው እንበል። የመጀመሪያው ግጭት እዚህ ነው። የሽንት ቤቱ 110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣው የት ነው? ከግሬድ ቢሙ በታች ነው ወይስ በመሃሉ? ቢሙን ማቋረጡ ግድ ከሆነ ኢንጅነሩ ቦታውን ያሳይና ከአርማታው በፊት ሰፋ ያለ የቧንቧ ቁራጭ ይቀመጥለት፣ በኋላ እውነተኛው ቧንቧ በዚያ ውስጥ ያልፋል። ይህ ካልሆነ አንድ ቀን አንድ ሰው ግሬድ ቢም በመሮ ሲፈለፍል ታገኙታላችሁ። ያን ቀን ቧንቧው መንገድ ያገኛል፣ ቢሙ ግን ፌሮውን ያጣል።

ቀጥሎ ሙሌቱ ነው። በአንዴ ተደፍቶ ከላይ ቢረገጥ ከታች ክፍት ሆኖ ይቀራል። 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተደረገ በየንጣፉ ውሃ ተርከፍክፎ ይጠቅጠቅ። ከዚያ የፍሳሽ ቧንቧ ይቀበር፣ የውሃ መግቢያው ይግባ፣ ከቆጣሪ የሚመጣው የመብራት መስመር ማለፊያ ይቀመጥ፣ የምስጥ መድኃኒት ይረጭ፣ ሃርድኮር ይደርደር። አርማታው መጨረሻ ላይ ነው። የምስጡን መድኃኒት ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ባለቤት የሌለው ሥራ ስለሆነ። ግንበኛው የኔ አይደለም ይላል፣ አናጺውም የኔ አይደለም ይላል። እናንተ የአንዱ አድርጉት።

አሁን ስላቡ ላይ እንውጣ። እዚህ ትንሽ እንቆያለን።

አናጺው ፎርምወርኩን ዘርግቶ፣ ባሕር ዛፉን ደግፎ፣ ውሃ ልኩን ጨርሶ ወርዷል። ፌራዮው ይገባል፣ የታችኛውን ፌሮ ያስራል። አሁን ፌራዮው ማቆም አለበት። መንጠቆውን አስቀምጦ ሻይ ይጠጣ። በዚህ ሰዓት ኤሌክትሪሻኑ ይገባል፣ ቦክሱን ፎርምወርኩ ላይ ይመታል፣ ኮንዲዩቱን ከታችኛው ፌሮ በላይ ይዘረጋል፣ በሽቦ ያስራል። የቧንቧ ሠራተኛውም ቧንቧ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሁሉ ያስቀምጣል። ከዚያ ፌራዮው ተመልሶ የላይኛውን ፌሮ ያስራል። ኢንጅነሩ የሚያየው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ፌራዮ በቁርጥ ሲሠራ ይህን አይወድም። እኔም ፌራዮ ሆኜ አልወድም ነበር። መሃል ላይ መቆም ማለት ቀን መቃጠል ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ፌሮ አስሮ ይወርዳል። ኤሌክትሪሻኑ በማግሥቱ ይመጣና ኮንዲዩቱን ለማሳለፍ የላይኛውን ፌሮ እያነሳ ይገፋል፣ የታሰረውን ይፈታል፣ ፌሮውን እንደ ድልድይ እየረገጠ ያጎብጠዋል። ስላብ ላይ የላይኛው ፌሮ ቁመቱን ከሳተ በቢሙ ዳር ዳር ስንጥቅ ይመጣል። ስለዚህ ከፌራዮው ጋር ስትዋዋሉ «መሃል ላይ ለግማሽ ቀን ትቆማለህ፣ ይህ ዋጋው ውስጥ ነው» በሉት። ቀድሞ ከተነገረው ችግር የለውም። የሚያናድደው ድንገት ሲሆን ነው።

አርማታ በሚሞላበት ቀን ኤሌክትሪሻኑ ወይም ረዳቱ ሳይት ላይ ይሁን። አርማታ የሚገፋው ሰው ኮንዲዩት አይታየውም። በባሬላም በቫይብሬተርም አንዱ መጋጠሚያ ይነቀላል። በዚያች ደቂቃ መመለስ የአንድ ሰው ሥራ ነው። ሲደርቅ ግን መስመሩ ሞቷል። ቦክሶቹን ደግሞ በረጠበ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅጥቀው ይዝጉ፣ አለበለዚያ ውስጣቸው አርማታ ይገባል።

ስላቡ ከተሞላ በኋላ አሠሪው ይቸኩላል። «ከታች ግንበኛ እናስገባ» ይላል። ከታች ያለው የባሕር ዛፍ ጫካ ነው። ግንበኛው ብሎኬት ለማስገባት አንድ ድጋፍ ያነሳል፣ ከዚያ ሌላ። ድጋፉ የሚነሳበትን ቀን የሚናገረው ኢንጅነሩ ብቻ ነው። እኔ በሠራሁባቸው ቤቶች 21 ቀን ገደማ እንጠብቅ ነበር። ጊዜው ግን አይባክንም። ስላቡ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣል። ጎን ለጎን ሴፕቲክ ታንኩ ይቆፈር፣ ማንሆሎቹ ይሠሩ፣ አጥር ይገንባ። እናንተ ደግሞ በዚህ ጊዜ ሱቅ ዙሩ። ሴራሚኩን፣ የሽንት ቤት መቀመጫውን፣ ቦይለሩን ምረጡ። ለምን እንዲህ ቀደም እንደምል አሁን ታያላችሁ።

የደረጃውን ነገር ልንገራችሁ። ደረጃ የሚሞላው ከስላቡ ጋር ነው፣ ወለሉ ከመልበሱ ብዙ ወራት በፊት። አናጺው ሁሉንም እርከን እኩል 16.5 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ሠራ እንበል። ያምራል። ቆይቶ የምድር ወለሉ ላይ ከሴራሚክ ሥር የሚነጠፈው ሲሚንቶ፣ ማለትም ስክሪድ፣ እና ሴራሚኩ ሲገባ በድምሩ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። ደረጃው ላይ ግን እብነ በረድና ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ የመጀመሪያው እርከን 12.5 ሆኖ ይቀራል። ላይኛው ፎቅም 8 ስለሚጨምር የመጨረሻው እርከን 20.5 ይሆናል። መሃሉ ሁሉ 16.5 ነው። እግር ደግሞ ሁለት እርከን ረግጦ ልኩን ይለምዳል፣ ከዚያ በኋላ አያይም። እንግዳ ሁሉ ጫፉ ላይ ይደናቀፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። አናጺው የመጀመሪያውን 20.5፣ የመጨረሻውን 12.5 አድርጎ ቢሞላ ሲለብስ ሁሉም እኩል ይመጣል። ነገር ግን ለዚህ አናጺው የሴራሚኩን ውፍረት ማወቅ አለበት። አናጺና ሴራሚክ ሠራተኛ ሳይት ላይ አይገናኙም። የሚያገናኛቸው የእናንተ ወረቀት ነው።

ለዚህ ነው ብሎኬቱ እንዳለቀ በሁሉም ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ መስመር የማሰምረው። ካለቀው ወለል በላይ 1 ሜትር ላይ፣ በውሃ ልክ፣ በቀለም። አሁን ካለው ወለል አይደለም፣ ሴራሚኩ ከገባ በኋላ ከሚኖረው። ከዚያ በኋላ የበሩም የማብሪያውም የሲንኩም ልክ የሚለካው ከዚያ መስመር ነው። መስመሩ ከሌለ እያንዳንዱ ሙያተኛ ከፊቱ ካለው ወለል ይለካል፣ የየሰዉ ወለል ደግሞ ይለያያል።

ግንቡ አለቀ። አሁን ቧንቧና መብራት አንድ ግድግዳ ላይ ሊገናኙ ነው። ማን ይቅደም? እዚህ ላይ ሁሌ ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ ግን ሕጌ አንድ ነው። መታጠፍ የማይችለው ይቀድማል። የፍሳሽ ቧንቧ ስሎፕ ይፈልጋል፣ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እየወረደ መሄድ አለበት፣ ወደ ላይ ተመልሶ መውጣት አይችልም። ስለዚህ እሱ መጀመሪያ። የንጹሕ ውሃ ቧንቧ ግፊት ስላለው ይወጣልም ይወርዳልም፣ ግን ክርኑ ሲበዛ ግፊቱ ይቀንሳል። እሱ ሁለተኛ። ኮንዲዩት እንደ ልብ ይታጠፋል። እሱ መጨረሻ። ኤሌክትሪሻን ቀድሞ ከገባ ጥሩውን መንገድ ይይዝና የፍሳሽ ቧንቧው በዙሪያው መዞር ይጀምራል። ያኔ ስሎፑ ይጠፋል።

ግድግዳ ሲፈለፈልም ተጠንቀቁ። ባለ 10 ሳንቲ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ወደ ጎን ረጅም መስመር ከተፈለፈለ ግድግዳው ሁለት ሆነ ማለት ነው። ከላይ ወደ ታች ይፈልፈል፣ በግራይንደር ሁለት መስመር ተቆርጦ መሃሉ በቀስታ ይነሳ። በመዶሻ የሚመታ ከሆነ ከጀርባ ያለው ክፍል ድረስ ይቀደዳል።

አሁን አንድ ክፍል ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። መታጠቢያ ቤት። ከትንሽ ክፍል ውስጥ ብዙ ሙያተኛ የሚገባው እሱ ስለሆነ ነው። የማወራው ስለ እህቴ ቤት ነው፣ የጠፋውም የኔ ጥፋት ነው። ጂ ፕላስ ዋን ቤት፣ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ 1.80 በ2.40 የሆነ ክፍል።

ስህተቱ የጀመረው ቧንቧው ሲቀበር ነው። እህቴ የሽንት ቤት መቀመጫ አልገዛችም ነበር። «ሁሉም አንድ ነው» አልኳት። የቧንቧ ሠራተኛው ልምዱን ይዞ የፍሳሹን ቀዳዳ መሃል ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር አደረገው። ብዙው መቀመጫ እውነት 30 ነው የሚፈልገው። ግን ያ 30 የሚለካው ካለቀ ግድግዳ ነው። ሰውዬው የለካው ከብሎኬቱ ነበር። ልስኑ 2 ሳንቲ ሜትር በላ። ሴራሚኩና ማጣበቂያው 1.5 በሉ። ቀዳዳው ከሴራሚኩ 26.5 ላይ ቀረ። መቀመጫው ሲመጣ ጀርባው ያለው የውሃ ታንክ ግድግዳውን መታ፣ አልገባም አለ። ከብሎኬቱ 33.5 ቢለካ ኖሮ ምንም አልነበረም።

ለማስተካከል ወለሉን ከፈትን። 6 ሴራሚክ ተሰበረ። ከሥሩ የውሃ መከላከያው ተቀደደ፣ እሱም እንደገና ተቀባ። ያንኑ ሴራሚክ ፍለጋ ስንዞር ደግሞ ስሙ አንድ ነው፣ ቀለሙ ግን አንድ አይደለም። ሌላ ጊዜ የተመረተ ነው። እስካሁን የእህቴ ሽንት ቤት ሲገባ መቀመጫው ሥር ትንሽ ነጣ ያለ ቦታ አለ። እንግዳ አያየውም። እኔ ግን ሌላ ነገር አይታየኝም።

ስለዚህ ትክክለኛው ተራ እንዲህ ነው። መቀመጫው፣ ሲንኩ፣ የሻወሩ ቧንቧና ቦይለሩ ይገዛሉ፣ ወይም ቢያንስ ልካቸው በወረቀት ይመጣል። የቧንቧ ሠራተኛው ልስንና ሴራሚክ አስቦ፣ ከ1 ሜትሩ መስመር እየለካ፣ በ2 ቀን ይቀብራል። በሦስተኛው ቀን ይፈተናል። የውሃ ቧንቧዎቹ ጫፍ ሁሉ ይደፈናል፣ በእጅ ፓምፕ ውሃ እስከ 10 ባር ይገፋበታል፣ የግፊት መለኪያው መርፌ ይታያል። የውሃ ቧንቧው ፒፒአር፣ ፕላስቲክ ስለሆነ መጀመሪያ ትንሽ ይለጠጣል፣ መርፌውም ይወርዳል። አትደንግጡ። አንዴ ሁለቴ ይጨመርበት፣ ከዚያ ነው መቆም ያለበት። የፍሳሹ ደግሞ ታችኛው ጫፍ ተዘግቶ ውሃ ይሞላና ይታያል።

በአራተኛው ቀን ኤሌክትሪሻኑ የቦይለሩን፣ የመብራቱንና የአየር ማውጫውን መስመር ይጨርሳል። ከዚያ ሜትር ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ ፎቶ ይነሳ። ወደፊት መስታወት ለመስቀል የሚበሳ ሰው የሚያየው ያንን ፎቶ ነው።

አሁን ለሳኙ። እዚህም ትንሽ ነገር አለች። ሴራሚክ የሚለብሰው ግድግዳ ሻካራ ልስን ብቻ ነው የሚፈልገው። ለሳኙ ካልተነገረው አሳምሮ ያለሰልሰዋል፣ ይከፈለዋልም። ከዚያ ሴራሚክ ሠራተኛው መጥቶ «ይህ አይዝም» ብሎ በመሮ እየወጋጋ ያሻክረዋል። አንድ ግድግዳ ለሁለት ሰው ሥራ፣ አንዱ ለማለስለስ አንዱ ለማሻከር፣ ሁለቱም በእናንተ ገንዘብ።

ልስኑ ሲጠና፣ ስክሪዱ ወደ ፍሳሹ ስሎፕ ይዞ ይሠራል። ልኩን ከበሩ ጀምሩ። ያለቀው የመታጠቢያ ቤት ወለል ከኮሪደሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። አንድ ሳምንት ይድረቅ። የውሃ መከላከያው ሁለት እጅ ይቀባ፣ ግድግዳው ላይም 30 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፣ ሻወሩ ጋ እስከ ሰው ቁመት። ሲደርቅ ፍሳሹ ይደፈንና ወለሉ ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይተኛ፣ 24 ሰዓት። በማግሥቱ የምታዩት ላይ ሳይሆን ታች ነው። ከሥሩ ያለው ክፍል ጣሪያ ላይ እርጥበት አለ ወይ?

እዚህ ጋ ነው ሌላው ግጭት ያለው። ታች ያለው ሳሎን ጂፕሰሙ ቀድሞ ተሰቅሎ ከሆነ ምንም አታዩም። ጂፕሰም ሠራተኛው ፈጣን ነው፣ ሳይቱን ሲያሳምረው ደስ ይላል፣ አሠሪ ሁሉ ቀደም ብሎ ይጠራዋል። ከላይ ያለው ውሃ ሳይፈተን ታች ጂፕሰም አይሰቀልም። ይህችን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የዛሬው ድካሜ በቂዬ ነው።

ውሃው ካልወረደ ሴራሚክ ሠራተኛው ይገባል። ግድግዳውን ከታች አንድ ረድፍ ትቶ ይሠራል፣ ከዚያ ወለሉን፣ መጨረሻ የታችኛውን ረድፍ። ፉጋው ይሞላል። መቀመጫና ሲንክ የሚገቡት ኮርኒሱና ቀለሙ ካለቀ በኋላ ነው፣ አለበለዚያ ቀቢው መቀመጫው ላይ ቆሞ ነው ኮርኒስ የሚቀባው። አይቻለሁ።

ክፍሏ ትንሽ ናት፣ እጅ የሚሠራበት ቀን 12 ገደማ ነው። ከመድረቂያው ጋር ግን አንድ ወር ይጠጋል። ሴራሚክ ሠራተኛው «በ4 ቀን እጨርሳለሁ» ሲላችሁ እውነቱን ነው። የሱን 4 ቀን ነው የነገራችሁ።

ስለ ሌላው ክፍል አጭር ላድርገው። የብረት በርና መስኮት ፍሬም ከልስን በፊት ይገባል፣ ለሳኙ ጠርዙን ይዘጋዋል። አሉሚኒየም ግን ተቃራኒው ነው። ልኩ የሚወሰደው ልስን ካለቀ በኋላ ነው፣ ለዚያውም መስኮት በመስኮት። ከፕላኑ አይደለም። ፕላን ላይ 1.50 የተባለው ሳይት ላይ 1.47 ሆኖ ይገኛል። መስታወቱ ከጂፕሰምና ከቀለም በፊት ይግባ፣ ዝናብ የመታው ጂፕሰም አይድንም። ልስኑ ደግሞ ሦስት አራት ሳምንት ሳይደርቅ ቀለም አይቀባ። የሚያስቸኩላችሁ ቀቢ ካለ ጥግ ላይ ላስቲክ በፕላስተር ለጥፋችሁ እደሩ። ጠዋት ከላስቲኩ ውስጥ ላብ ካለ ግድግዳው ገና ነው።

ከዚያ ስታኮና የመጀመሪያው ሁለት እጅ ቀለም፣ ከዚያ የወለል ሴራሚክ፣ ከዚያ የእንጨት በር፣ መጨረሻ ላይ የማሳረጊያው ቀለም። ስታኮ ሲፈገፈግ አቧራው እንደ ዱቄት ነው። ያንን አቧራ አዲስ ሴራሚክና አዲስ በር ላይ አታድርጉት። ከላይ ፎቅ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፣ ያለቀ ፎቅ ቁልፉ ከእናንተ ጋር ይሁን።

ጥያቄ ወደሚለው እንሂድ። አንድ አባት «ሙያተኛው በተባለው ቀን ካልመጣ ተራው ምን ዋጋ አለው?» አሉኝ። አባቴ፣ ልክ ነዎት። ጎበዝ ሙያተኛ ሦስት ሳይት ይዞ ነው የሚዞረው። እኔ የማደርገው ይህ ነው። ከመሸፈኑ ቀን 2 ሳምንት ቀደም ብዬ እደውላለሁ፣ 3 ቀን ሲቀረው እንደገና እደውላለሁ። እና ክፍያውን ከተራው ጋር አስረዋለሁ። ለምሳሌ የቧንቧ ሠራተኛው ገንዘብ በሦስት ይከፈላል። ሲቀብር አንድ፣ ፈተናውን ሲያልፍ አንድ፣ መቀመጫና ሲንክ ገጥሞ ውሃ ሲለቀቅ የቀረው። ሲቀብር ጠቅላላውን ከተቀበለ ከስድስት ወር በኋላ ስልኩን አያነሳም። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሌላ ሳይት ላይ ነው።

አንዲት እህት ደግሞ ባለቤቷ ዱባይ ነው፣ ቤቱን የምታሠራው እሷ ናት። እሱ በየቀኑ ቪዲዮ ላኪ ይላል፣ እሷ ምን እንደምትቀርጽ አታውቅም። እህቴ፣ የብሎኬት ቪዲዮ አትላኪለት፣ ብሎኬት አይጠፋም። ሊሸፈን ያለውን ላኪለት። ግራውንድ ስላብ ከመሞላቱ በፊት ቧንቧዎቹን፣ ሜትር አጠገባቸው ዘርግተሽ። ስላብ ከመሞላቱ በፊት ኮንዲዩቱን፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየሄድሽ። ከልስን በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ። እና የግፊቱን መለኪያ ሁለት ጊዜ ፎቶ አንሺ፣ ማታ ሠራተኛው ሲወጣ አንድ፣ ጠዋት ሳይገባ አንድ። በሌሊቱ ብርድ መርፌው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ እሱ ምንም አይደለም። ከ10 ወደ 5 ከወረደ ግን ለሳኙን እንዳይመጣ ደውዪለት።